ለአያት ማዳመጫ የምትጻፍ አንዲት ገጽ

በቪዲዮ ጥሪ መሀል «የራሴ ድምፅ እየተመለሰ ይሰማኛል» የሚል ሰው ሲኖር ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ያለው በወዲያኛው ቤት ነው። ደሴ ያሉ አያት ጆሯቸው ስለደከመ የታብሌቱን ድምፅ እስከ መጨረሻው ከፍ ያደርጉታል እንበል። ዋሽንግተን ያለችው የልጅ ልጃቸው ስትናገር ድምፅዋ ከታብሌቱ ወጥቶ ክፍሉን ይሞላል። ያው ታብሌት ማይክሮፎንም ስላለው የወጣውን ድምፅ መልሶ ይሰበስብና ወደ ዋሽንግተን ይልከዋል። ዋትሳፕ፣ ቴሌግራምና ኢሞ ይህን የገደል ማሚቶ የሚያጠፉበት ዘዴ አላቸው። ድምፁ ከመጠን በላይ ሲጮህ ግን ዘዴው ይሸነፋል፤ አንዳንዴም ማሚቶውን አጠፋለሁ ሲል የአያትየዋን ንግግር አብሮ ይቆርጠዋል። ስለዚህ «እማማ፣ ድምፅዎ ይቆራረጣል» ሲባል ሁልጊዜ ጥፋቱ የኔትዎርክ አይደለም።

የጆሮ ማዳመጫ ይህን ችግር ከሥሩ ይነቅለዋል። የልጅ ልጅዋ ድምፅ ክፍሉ ውስጥ ሳይበተን በቀጥታ ጆሮ ውስጥ ስለሚገባ ማይክሮፎኑ የሚለቅመው ነገር አያገኝም። ሁለተኛ ጥቅምም አለው። ዕድሜ ሲገፋ ጆሮ ቀድሞ የሚያጣው ቀጫጭን ድምፆችን ነው፤ እንደ ስ፣ ፍና ሽ ያሉት ይደበዝዛሉ። ብዙ አረጋውያን «ይሰማኛል፣ ግን አይለይልኝም» የሚሉት ለዚህ ነው። ማዳመጫው የቤቱን ጫጫታ ከልክሎ ንግግሩን ጆሮ ላይ ስለሚያደርሰው፣ ድምፁን ብዙ ማስጮህ ሳያስፈልግ ቃላቱ ይለያሉ።

ይህን ያወቁ ልጆች ማዳመጫ ገዝተው ይልካሉ። ከአንድ ወር በኋላ ሲጠይቁ ማዳመጫው ከነካርቶኑ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። ካርቶኑ ውስጥ ያለችው ወረቀት በእንግሊዝኛና በደቃቃ ፊደል የተጻፈች ናት፤ የምትናገረውም ስለ ማንኛውም ስልክና ስለ ማንኛውም ሰው ነው። አያትየዋ የሚያስፈልጋቸው ስለዚህ ታብሌት፣ ስለዚህ ማዳመጫና ስለ እሳቸው እጅ ብቻ የምትናገር አንዲት ገጽ ናት። እሷን ደግሞ ከቤተሰቡ በቀር የሚጽፍላቸው የለም።

መጀመሪያ የታብሌቱን ጠርዝ ይዩ

ከመጻፍ በፊት መመሪያው ረጅም ይሁን አጭር የሚወስነውን ነገር ማየት ይገባል። የታብሌቱን ጠርዝ ዙሪያውን ሲመለከቱ ክብ ቀዳዳ ካለው በገመድ የሚሠራ ማዳመጫ ይግዙ። ገመድ ያለው ማዳመጫ ቻርጅ አይፈልግም፤ ከሌላ ስልክ ጋርም አይጣበቅም፤ መመሪያውም በሦስት መስመር ያልቃል። ሳምሰንግ ጋላክሲ ታብ ኤ9ን በመሳሰሉ ብዙ ርካሽ ታብሌቶች ላይ ቀዳዳው አለ። በ2022 በወጣው አሥረኛው ትውልድ አይፓድ ላይ ግን የለም።

የገመዱን ጫፍ ቀረብ ብለው ካዩት ብረቱን የሚከፋፍሉ ቀጫጭን ቀለበቶች ይታያሉ። ሦስት ቀለበት ካለው ማይክሮፎን ሊሠራበት የሚችል ነው፤ ሁለት ከሆነ ለመስማት ብቻ ነው። ለአያት ጥሪ ሁለት ቀለበት ያለውም ይበቃል፤ የታብሌቱ የራሱ ማይክሮፎን ንግግራቸውን ይወስዳልና። በገመድ ማዳመጫ ላይ በተደጋጋሚ የሚያጋጥመው ችግር አንድ ነው፤ ጫፉ እስከ መጨረሻው አልገባም። ያኔ ድምፁ በአንድ ጆሮ ብቻ ይሰማል፣ ወይም ሩቅና ባዶ ይሆናል፣ ወይም ጨርሶ አይወጣም። ብዙ ጊዜ ሰበቡ ታብሌቱ የለበሰው ወፍራም ሽፋን ነው፤ የገመዱ ጫፍ ሽፋኑ ላይ ያርፍና ወደ ውስጥ አይዘልቅም። ሽፋኑን አውልቆ መሞከር ወዲያው ያሳያል።

ቀዳዳው ከሌለ ቀሪው መንገድ ብሉቱዝ ነው ማለት ይቻላል። በቻርጀሩ ቀዳዳ የሚሰካ አገናኝ ቢኖርም ትንሽ ዕቃ ስለሆነ ይጠፋል፤ ተሰክቶ ሳለም ብዙ ጊዜ ታብሌቱን ቻርጅ ማድረግ አይቻልም።

በገመድም ሆነ ያለ ገመድ፣ ጆሮ ውስጥ የሚወተፈውን ትንሹን ኤርፎን ይተዉትና ጆሮን ከላይ የሚሸፍነውን ይምረጡ። ትንሹ ኤርፎን ለሚንቀጠቀጥ ጣት አይመችም፤ ወድቆ ሶፋ ሥር ሲገባም ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። ትልቁ በሻሽ ላይም ይጠለቃል፤ ሻሹ ስስ ከሆነ ድምፁ አይቀንስም። ወፍራም ከሆነ ግን ከጆሮ ላይ ገለል ማድረግ ያስፈልጋል። አያትየዋ የመስሚያ መሣሪያ የሚጠቀሙ ከሆነ ማዳመጫው ሲጫነው ሊያፏጭ ስለሚችል ከመግዛት በፊት በሌላ ሰው ማዳመጫ መሞከር ይሻላል።

ማስተዋወቅ የልጅ፣ ማብራት የአያት

ብሉቱዝ የሚያስፈራው ሁለት የተለያዩ ሥራዎች እንደ አንድ ስለሚነገሩ ነው። የመጀመሪያው ታብሌቱንና ማዳመጫውን ማስተዋወቅ ነው። ይህ አንድ ጊዜ ብቻ ይደረጋል፤ ከዚያ በኋላ ሁለቱ ዕቃዎች ይተዋወቃሉ። ሁለተኛው በየጥሪው ማገናኘት ነው። የተዋወቁ ዕቃዎች ግን ማዳመጫው ሲበራ አብዛኛውን ጊዜ ራሳቸው ስለሚገናኙ፣ የአያት ሥራ ማዳመጫውን ማብራት ብቻ ይሆናል። ስለ ማስተዋወቅ የሚናገር መስመር ወረቀታቸው ላይ መግባት የለበትም።

ማስተዋወቁን ለበዓል የመጣ ልጅ ወይም ጎረቤት ያለ ወጣት ይሥራው። ታብሌቱ ላይ ቅንብሮችን ከፍቶ ብሉቱዝን ያበራል። ማዳመጫው ጠፍቶ ሳለ የማብሪያ ቁልፉን ተጭኖ ይቆያል። በብዙዎቹ ላይ ከአምስት እስከ ሰባት ሰከንድ ይበቃል፤ መብራቱም ቶሎ ቶሎ ብልጭ ድርግም ማለት ወይም ቀይና ሰማያዊ መፈራረቅ ይጀምራል። ያን ጊዜ የማዳመጫው ስም በታብሌቱ ዝርዝር ላይ ይወጣል፤ ስሙን መንካት ብቻ ነው። በአንድሮይድ ታብሌት ላይ ያንን የፋብሪካ ስም «የእማማ» ብሎ መለወጥ ይቻላል። የታብሌቱን ቋንቋም ወደ አማርኛ መቀየር ይጠቅማል፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ቃልና ስክሪኑ ላይ ያለው ቃል አንድ ይሆናሉ።

ይህን የሠራው ሰው ከመሄዱ በፊት ሁለት ነገር ያረጋግጥ። አንደኛ፣ የታብሌቱ ብሉቱዝ እንደበራ ይቆይ፤ ባትሪ የሚበላው ጥቂት ስለሆነ ማጥፋት አያስፈልግም። ሁለተኛ፣ ማዳመጫውን ለመሞከር ብሎ ከራሱ ስልክ ጋር አስተዋውቆት ከሆነ ያንን ከስልኩ ላይ ይሰርዘው። ካልሰረዘው ቤቱ በመጣ ቁጥር ማዳመጫው ታብሌቱን ትቶ ወደ ስልኩ ሊሄድ ይችላል፤ አያትየዋም «በርቷል፣ ግን ምንም አይሰማም» ይላሉ።

ወረቀቷ

አንድ ቤት እንውሰድ። ታብሌቱ ከአሜሪካ የተላከ፣ ክብ ቀዳዳ የሌለው፣ በአማርኛ የተስተካከለ አንድሮይድ ነው። ማዳመጫው ጆሮ የሚሸፍን ነው፤ በቀኝ በኩል አንድ ማብሪያ ቁልፍ አለው፤ ሲገናኝ በእንግሊዝኛ የሚናገር ድምፅም አለው። ቤተሰቡ የሚገናኘው እሑድ ማታ 1 ሰዓት በዋትሳፕ ነው። ሰዓቱን በኢትዮጵያ መቁረጥ ይሻላል፤ አሜሪካ በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓቷን ስለምታዛውር ያው ጥሪ ዋሽንግተን ላይ በበጋቸው ከቀኑ 6 ሰዓት፣ በክረምታቸው ደግሞ ከረፋዱ 5 ሰዓት ይሆናል። መቁጠሩ የልጆቹ ሥራ ይሁን። ወረቀቷ እንዲህ ትላለች፦

እማማ፣ እሑድ ማታ 1 ሰዓት ከመሆኑ በፊት

1. ታብሌቱን ማቆሚያው ላይ ያድርጉና ያብሩት።

2. ማዳመጫውን ይያዙ። ቀይ ክር የታሰረበት ወገን በቀኝ እጅዎ ይሁን።

3. ከቀዩ ክር አጠገብ ጎርበጥ ያለውን ቁልፍ ይጫኑ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለው ቆጥረው ይልቀቁት። ሰማያዊ መብራት ይበራል።

4. ማዳመጫውን ያጥልቁ። «ከኔክትድ» የሚል ድምፅ ይሰማሉ። ተገናኘ ማለት ነው።

5. ቁጭ ብለው ይጠብቁን። ስንደውል አረንጓዴውን ይንኩ።

6. ስንጨርስ ቀዩን ይንኩ።

7. ማዳመጫውን ያውልቁ። ያንኑ ቁልፍ ሦስት እስኪቆጥሩ ይጫኑ። መብራቱ ይጠፋል።

8. ቅዳሜ ማታ ቻርጅ ያድርጉት።

ወረቀቷ ይህችው ናት። አጭር ብትሆንም እያንዳንዱ መስመር የገባበት ምክንያት አለው።

በየመስመሩ እጅ የሚሠራው አንድ ነገር ነው፤ አስፈላጊ በሆነበት ቦታ ደግሞ ዓይን የሚያየው ወይም ጆሮ የሚሰማው ምልክት ተከትሎት ይመጣል። «ማዳመጫውን ያብሩ» ብቻ ብንል አያትየዋ መብራቱን ሳያዩ ወደሚቀጥለው ሊያልፉ ይችላሉ። «ሰማያዊ መብራት ይበራል» ሲባሉ ግን ካልበራ እዚያው ይቆማሉ፤ የተበላሸው የት እንደሆነም ይታወቃል።

ሦስት ድረስ መቁጠሩ ለጌጥ አልገባም። በብዙ ማዳመጫዎች ላይ የማብሪያውና የማስተዋወቂያው ቁልፍ አንድ ነው፤ ልዩነቱ የመጫኛው ርዝመት ብቻ ነው። አጥብቆ መያዝ የለመደ እጅ ቁልፉን ሰባት ሰከንድ ከያዘው ማዳመጫው ታብሌቱን ትቶ አዲስ ዕቃ መፈለግ ይጀምራል። እርስዎ የገዙት ማዳመጫ በሁለት ሰከንድ የሚበራ ከሆነ ሦስት የሚለውን ሁለት ብለው ይጻፉ። የመብራቱንም ቀለም ከራሱ ከዕቃው አይተው ይጻፉ፤ ሁሉም ሰማያዊ አይደለም።

«ከኔክትድ» በፊደላችን የተጻፈው አያትየዋ የሚሰሙት ድምፅ እሱ ስለሆነ ነው። የማይገባ ቃል በድንገት ጆሯቸው ውስጥ ሲጮህ ተበላሸ ብለው ማዳመጫውን ያወልቁታል። ምን እንደሚሰሙ አስቀድመው ካወቁ ግን ያው ድምፅ የምሥራች ይሆናል። የእርስዎ ማዳመጫ ቃል የማይናገርና ጢጥ የሚል ብቻ ከሆነ ያንን ይጻፉ።

አምስተኛውን መስመር ሲጽፉ ጥሪውን ሁለት ጊዜ ይሞክሩት፤ አንድ ጊዜ ስክሪኑ ተቆልፎ ሳለ፣ አንድ ጊዜ ክፍት ሆኖ ሳለ። በብዙ ታብሌቶች ላይ የጥሪው መልክ በሁለቱ ጊዜ ይለያያል። በአንዱ አረንጓዴው መነካት ብቻ ይበቃዋል፤ በሌላው በጣት ወደ ላይ መገፋት አለበት። አያትየዋ የሚያዩት የትኛውን እንደሆነ ለይተው ያንኑ ብቻ ይጻፉ።

መጻፊያው ፊደል ትልቅ ይሁን። በኮምፒውተር ከሆነ ከ20 ነጥብ አይነስ፤ በእጅ ከሆነ በወፍራም ጥቁር ብዕር፣ በነጭ ወረቀት ላይ፣ በመስመሮቹ መካከል ሰፊ ቦታ ተትቶ ይጻፍ። ቁልፉ ላይ ጠብታ የጥፍር ቀለም ቢደርቅበት ጣት በዳሰሳ ያገኘዋል። አያትየዋ ማንበብ የማይችሉ ከሆነ ቁጥሮቹን ይተዉና በየመስመሩ ፋንታ ፎቶግራፍ ያድርጉ፤ ክሩ፣ ቁልፉን የተጫነው አውራ ጣት፣ የበራው መብራት፣ አረንጓዴው ክብ። ፎቶግራፉ የእሳቸው ማዳመጫና የእሳቸው ታብሌት መሆን አለበት።

በወረቀቷ ጀርባ

ጀርባው ላይ የሚጻፈው ካልሠራ ምን እንደሚደረግ ነው። ብዙ ዓይነት ብልሽት መዘርዘር አያስፈልግም፤ አዘውትረው የሚያጋጥሙት ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው፣ ማዳመጫው ጨርሶ አልበራም። ይህ ብዙ ጊዜ የባትሪ ነገር ነው። አንዳንዱ ማዳመጫ ከታብሌቱ ጋር እንደተገናኘ ከቆየ ራሱን አያጠፋም፤ ስለዚህ ሰባተኛው መስመር ከተዘለለ በሳምንቱ ባዶ ሆኖ ይገኛል። ቻርጁ ለቅዳሜ ማታ የተቀጠረውም መብራት ቢጠፋ እሑድ ቀኑን ሙሉ መጠባበቂያ እንዲኖር ነው። በወረቀቱ ጀርባ «መብራቱ ካልበራ ገመዱን ይሰኩ፤ ዛሬ ያለ ማዳመጫ እናወራለን» ብሎ መጻፍ በቂ ነው። ጥሪው በማዳመጫው ምክንያት መቅረት የለበትም።

ሁለተኛው፣ ማዳመጫው በርቶ ድምፁ ግን ከታብሌቱ ይወጣል። ይህ ጥሪው ተነሥቶ ሳለ ማዳመጫው ዘግይቶ ሲበራ ያጋጥማል። ዋትሳፕ ላይ በጥሪው መሀል የድምፅ ማጉያ ሥዕል ያለበት ምልክት አለ፤ እሱን ነክቶ ከሚመጣው ዝርዝር የማዳመጫውን ስም መምረጥ ነው። ስሙን «የእማማ» ያልነውም እዚህ ላይ ይጠቅማል። ይህ ለአያትየዋ ከበዳቸው ቀላሉ መፍትሔ ጥሪውን ዘግቶ፣ ማዳመጫውን አብርቶ እንደገና መደወል ነው። ለዚህ በቤተሰቡ መካከል አንድ ስምምነት ይኑር፤ የመጀመሪያው ጥሪ ሚስድ ኮል ብቻ ይሁን፣ ትርጉሙም «እማማ፣ ማዳመጫውን ያጥልቁ» ይሁን። ከአምስት ደቂቃ በኋላ የሚመጣው ሁለተኛው ጥሪ የሚነሣው ነው። ቀጠሮ በሌለው ቀን ለሚመጣ ጥሪም ይህ ደንብ ይሠራል።

ሦስተኛው፣ ይሰማል ግን በጣም ቀስ ይላል። ታብሌት ለሙዚቃ፣ ለጥሪና ለማንቂያ የተለያየ የድምፅ መጠን አለው። ጥሪ ሳይኖር የድምፅ ቁልፉን ቢጫኑ ከፍ የሚለው የሙዚቃው ሊሆን ይችላል፤ የጥሪው ድምፅ ባለበት ይቀራል። ስለዚህ ወረቀቱ «እያወራን ሳለ የታብሌቱን የላይኛውን ቁልፍ ደጋግመው ይጫኑ» ማለት አለበት፤ «እያወራን ሳለ» የሚለው ቃል እንዳይዘለል። አንድ ጆሯቸው ብቻ የሚሰማ ከሆነ ደግሞ የታብሌቱ የተደራሽነት ቅንብር ውስጥ የሁለቱን ጆሮ ድምፅ ወደ አንድ የሚያዋህድ ምርጫ አለ። እሱንም ማስተዋወቁን የሠራው ሰው ያስተካክለው።

አንድ ቅሬታ ግን ለወረቀቱ አይሆንም። አያትየዋ እየሰሙ ልጆቹ እሳቸውን ካልሰሙ፣ በስክሪኑ ላይ ያለው የማይክሮፎን ሥዕል በመስመር ተሰርዞ እንደሆነ ልጆቹ ይጠይቁ። ተሰርዞ ከሆነ ሳይታወቅ በጣት ተነክቷል፤ አንድ ጊዜ መንካት ይመልሰዋል። ልጆቹ በቪዲዮ ስለሚያዩዋቸው ሥዕሉን በእጅ ምልክት ማሳየት ይችላሉ።

ወረቀቷ መሥራቷን እንዴት እናውቃለን?

ወረቀቷ የምትፈተነው በአያትየዋ እጅ ነው። ማዳመጫውን አጥፍተው፣ ወረቀቷን ሰጥተው፣ ከጎናቸው ዝም ብለው ይቀመጡ። አይጠቁሙ፤ እጅዎንም አይላኩ። እጃቸው የቆመበትን መስመር ምልክት ያድርጉበት፤ የጎደለው ቃል እዚያ ነው። ቁልፉን ካላገኙት ክሩ በደንብ አይታይም ማለት ነው። መብራቱን ካላዩት ማዳመጫውን ካጠለቁ በኋላ ነው የሚጫኑት፤ ስለዚህ በሦስተኛው መስመር ላይ «ሳያጠልቁ» የሚል ይጨመር። አስተካክለው ይጻፉና በማግሥቱ እንደገና ይስጧቸው። ርቀው ላሉ ልጆችም ይህ አይከብድም፤ ወረቀቷን ጎረቤት ያትመዋል፤ ፈተናውን እነሱ በሌላ ስልክ ቪዲዮ ይመለከታሉ።

በመጨረሻ በወረቀቷ ግርጌ የማዳመጫውን ቀለምና የተጻፈችበትን ቀን ያስፍሩ። ማዳመጫው ወይም ታብሌቱ ሲቀየር አሮጌዋን ቀድደው አዲስ ይጻፉ፤ በአሮጌዋ ላይ አይጨምሩ። እርስዎም ዛሬ ማዳመጫ ለመላክ ያሰቡ ከሆነ መጀመሪያ የታብሌቱን ጠርዝ ፎቶ አስልከው ይዩ። ክብ ቀዳዳ ካለ ገመድ ያለውን ይላኩ፤ ከሌለ ደግሞ ማዳመጫውን ከወረቀቷ ጋር እንጂ ለብቻው አይላኩት።